ፎንቱ ገብቷል፣ ጽሑፉ ግን የለም፦ ስለ አንድ የእድር ደንብ ፒዲኤፍ የተካሄደ ውይይት

ጥያቄውን የከፈቱት አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የአንድ እድር ጸሐፊ ናቸው። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ በ1994 ዓ.ም በኮምፒውተር ተተይቧል። የተተየበውም፣ በጊዜው እንደተለመደው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠውን ዩኒኮድን በማያውቅ የድሮ የግእዝ ፎንት ነው። በኋላ አንድ ኮምፒውተር ቤት ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ ሰጣቸው። እሳቸው ቤት ሲከፈት ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በቴሌግራም ለአባላት ሲልኩት ግን ስልካቸው መጮህ ጀመረ። አባላቱ የሚያዩት የእንግሊዝኛ ፊደልና የማይታወቅ ምልክት ነው። ጸሐፊው ፒዲኤፍ የትም ቢሄድ አይለወጥም ተብለው ነበርና ግራ ገባቸው። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። ለምን እንዲህ ሆነ? ከ30 ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻቸው ምንም ሳይጭኑ፣ ኢንተርኔትም ሳይፈልጉ የሚያነቡት ፋይል እንዴት ይሠራል?

እኔም ሥራዬ መዝገብ ቤት ስለሆነ የውይይቱን ክር ከላይ እስከ ታች ተከታተልኩት። ችግሩ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ከዚያ ዘመን የቀረ የአማርኛ ፋይል ያለው ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል። የተባለውን በየተራ ላስቀምጥ። የራሴ አስተያየት ያለኝ ቦታ ላይም እናገራለሁ።

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች ቅን ናቸው። ሁለቱም ጸሐፊውን ጋሼ ብለው አክብረው፣ የፎንቱን ፋይል ከፒዲኤፉ ጋር አብረው እንዲልኩና አባላቱ እንዲጭኑት መከሩ። ለዛሬ ይሠራል። ሰውየው የጠየቁት ግን ምንም ሳይጭን ስለሚያነብ ሰው ነው። ስልክ ላይ ፎንት መጫን ደግሞ ለብዙ ሰው የሚሆን ነገር አይደለም።

መልስ 3

ቀጥላ የጻፈችው ሴት ዲጂታል ሰነዶችን በማቆየት ሥራ ላይ እንዳለች ተናገረች። ክሩን እስከ መጨረሻው የመራችው እሷ ናት። ምክር ከመስጠቷ በፊት ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት እንዳለባት ጻፈችና ይህን ትእዛዝ እንዲያሠሩ ለመነቻቸው፦

```
pdffonts denb-1994.pdf
```

ትእዛዙ ፋይሉ የሚጠቀምባቸውን ፎንቶች ይዘረዝራል። `emb` የሚለው ዓምድ ሥር `yes` ካለ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። `no` ካለ ፋይሉ የያዘው የፎንቱን ስም ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ በዚያ ስም ፎንት ካላገኘ በሌላ ይተካዋል።

መልስ 4 እና 5

ጸሐፊው ትእዛዝ መጻፍ እንደማይችሉ በትሕትና መለሱ። እሷም ሳትሰለች ሌላ መንገድ አሳየቻቸው። አክሮባት ሪደር ላይ ፋይሉን ከፍተው `Properties` ውስጥ `Fonts` የሚለውን ገጽ ያያሉ። ከየፎንቱ ስም አጠገብ `Embedded` ወይም `Embedded Subset` የሚል ጽሑፍ ካለ ደህና ነው፤ ከሌለ ችግሩ እዚያ ነው። ሰውየው አይተው ተመለሱ። ሁለት ፎንት አለ። አንዱ የድሮው የግእዝ ፎንት ነው። ሌላው የገጽ ቁጥሮቹ የተጻፉበት `Helvetica` ነው። ሁለቱም አጠገብ ምንም የለም።

የ`Helvetica`ውን ነገር ብዙ ሰው አያውቅምና ልጨምርበት። ፒዲኤፍ ከጥንት ጀምሮ 14 መደበኛ ፎንቶች ነበሩት። ከየትኛውም አንባቢ ፕሮግራም ጋር አብረው ይመጣሉ ተብሎ ስለሚታሰብ ፋይሉ ውስጥ ሳይገቡ ይታለፉ ነበር። ለረጅም ጊዜ ማቆያ የወጣው ደረጃ፣ ማለትም ፒዲኤፍ/ኤ፣ ይህን ይከለክላል። የሚታይ ጽሑፍ ሁሉ ፎንቱን ይዞ መሄድ አለበት።

መልስ 6

አንድ ሰው ጥያቄውን ሳያነብ ገባ። ፋይሉ ለቴሌግራም እንዳይከብድ የሚያሳንስ ድረ ገጽ ጠቆመ። ማንም አልመለሰለትም። ግን አንድ ነገር ልብ ይባል፤ እንዲህ ያሉ ማሳነሻዎች ፋይሉን እንደገና ስለሚሠሩት ማቆያነቱን ሊያበላሹት ይችላሉ። ማሳነስ ካስፈለገ የሚላከውን ቅጂ ነው እንጂ የሚቀመጠውን አይደለም።

መልስ 7 እና 8

ሌላ አባል፣ እሱም የእድር ሰው ይመስላል፣ ዋናው ፍርሃት ደንቡን ሰው እንዳይነካው ነው ብሎ ፋይሉን በይለፍ ቃል መቆለፍን መከረ። የራሱ እድር ውስጥ አንድ አንቀጽ ተቀይሮ ተገኝቶ ጠብ እንደነበር አስረድቷል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። የሦስተኛው መልስ ባለቤት ግን እዚህ ጋ ትንሽ ጠንከር አለች። በፒዲኤፍ/ኤ ምስጠራ ፈጽሞ አይፈቀድም። ለማየት የይለፍ ቃል የማይጠይቅ፣ ማረምን ብቻ የሚከለክል ቁልፍ እንኳ አይፈቀድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ የይለፍ ቃሉን የሚያስታውስ ማን አለ? እንዳይነካ የተፈለገ ፋይል ቅጂው በሦስትና በአራት ሰው እጅ ይቀመጥ፤ አንዱ ቢቀየር ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ይታወቃል አለች። ሰውየው አላመነም። ከአራት ሰው አንዱ ሌባ ቢሆንስ ብሎ ሄደ።

መልስ 9 እና 10

ከዚህ በኋላ አንድ ወጣት ፕሮግራመር መጣ። ነገሩ ቀላል ነው፣ ፎንቱ ከገባ አለቀ አለ። ጸሐፊውም የዎርድ ፋይሉንና ፎንቱን ላኩለት። እሱ ሊብረኦፊስ ላይ ከፍቶ፣ ወደ ፒዲኤፍ ሲያወጣ `PDF/A-2b` የሚለውን መርጦ መልሶ ላከ። አባላቱ ስልክ ላይ ከፈቱት። ፊደሉ ሁሉ ልክ ነው። ጸሐፊው በጣም ተደሰቱ፤ ረጅም ምርቃት መረቁት። ወጣቱም ማረጋገጫ ብሎ `veraPDF` የተባለውን ነፃ መፈተሻ አሠርቶ ውጤቱን ለጠፈ፦

```
verapdf --format text denb-1994.pdf
PASS denb-1994.pdf
```

ብዙዎች ክሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሏቸው ነበር።

መልስ 11

ባለሙያዋ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ከፋይሉ ላይ አንድ መስመር ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉልኝ አለች። ጸሐፊው ለጠፉ። የወጣው `yx!T` እና የመሳሰለው ነው። ማያው ላይ ያለው ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ኮፒ ሲደረግ የሚመጣው ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና ቃለ አጋኖ ነው።

ማብራሪያዋን በራሴ አባባል ላቅርበው፤ የክሩ ዋና ነገር ይኸው ነው። ፒዲኤፍ ውስጥ ጽሑፍ የሚቀመጠው በቁጥር ነው። ፎንቱ ለየቁጥሩ ሥዕል ይሰጣል። የድሮዎቹ የግእዝ ፎንቶች የተሠሩት ኮምፒውተሩ ለአማርኛ የራሱ ቁጥር ባልነበረው ጊዜ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ቦታ ወሰዱ። በጸሐፊው ፎንት ቁጥር 121 ላይ የተሳለው «የ» ነው። 121 ግን ለኮምፒውተሩ ትንሿ y ናት። ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ ነው፤ በዚያም «የ» የራሷ ቁጥር `U+12E8` ተሰጣት። የድሮ ፎንት ሲከተት የሚገባው ሥዕሉ ነው። ፋይሉ ልቡ ውስጥ አሁንም y እያለ ነው።

መልስ 12፣ 13 እና 14

ወጣቱ ተናደደ። መፈተሻው `PASS` ብሏል፣ ደረጃው ተሟልቷል፣ ኮፒ ማድረግ ማን ጠየቀ አለ። ቃሉ ሸካራ ነበር፤ ሰውን ያለ ምክንያት ማስጨነቅ ነው እስከማለት ደረሰ። እውነት ለመናገር ግማሹ ልክ ነው። `2b` ላይ ያለችው b የምትሰጠው ቃል ፋይሉ ሲታይ እንደማይለወጥ ብቻ ነው። መፈተሻውም የፈተሸው ያንኑ ነው። ጸሐፊው በመጀመሪያ የጠየቁት መነበቡን ነው፤ እሱም ተገኝቷል።

እሷም በአጭሩ መለሰች። u የሚል ሌላ ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ ፊደል የዩኒኮድ ዋጋ እንዲኖረው ይጠይቃል። ወጣቱ ወዲያው ይኸው፣ ይህም ፋይል ዋጋ አለው፣ `pdffonts` ላይ `uni` ሥር `yes` ይላል ብሎ ተመለሰ። ነገሩ የሚከፋውም እዚህ ላይ ነው አለች። ዋጋ አለው፤ ዋጋው ግን ውሸት ነው። መፈተሻው ዋጋ መኖሩን ያያል እንጂ የተሳለውን ፊደል አይቶ አያመሳክርም። y የተባለው ሥዕል «የ» መሆኑን የሚያውቀው አማርኛ የሚያነብ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ለአማርኛ ሰነድ ከመፈተሻው ቀጥሎ ሁልጊዜ ይህን ማሠራት እንደሚያስፈልግ ጻፈች፦

```
pdftotext -layout denb-1994.pdf -
```

የወጣው አማርኛ ከሆነ ጽሑፍ አለ። ካልሆነ ያለው የፊደል ሥዕል ብቻ ነው። እኔ በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ሰነድ የሚፈለገው በስም ወይም በቃል ነው። ተፈልጎ የማይገኝ ሰነድ፣ ቢነበብም ግማሹ ጠፍቷል።

መልስ 15

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት የራሷን ጉዳይ ይዛ ገባች። የማኅበራቸውን የድሮ ቃለ ጉባኤዎች ሰብስባ ወደ ፒዲኤፍ ቀይራለች። አባቷ ማኅበሩ ሲመሠረት ስለነበሩ ስማቸውን መፈለጊያው ላይ ስትጽፍ አንድም አይመጣም። ሰነዱ ላይ ግን ስማቸው በዓይኗ ይታያታል። የማኅበሩ ሰዎች ስላልነበሩበት ነው ብለው ስለተከራከሯት በጣም አዝናለች። መልስ 11ን ካነበበች በኋላ ምክንያቱ እንደገባት ጻፈች። ወጣቱ ከዚህ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የማኅበሩ ፋይሎች ላይ ሊረዳት እንደሚችልም በሌላ መልስ ነገራት።

መልስ 16 እና 17

አንድ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ አትሞ ስካን ማድረግ ነው አለ። ስካን ውስጥ ፎንት የለምና የሚጠፋ ነገር የለም። ይህም በከፊል እውነት ነው፤ የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ካለ ስካኑ መቀመጥ አለበት። ግን ስካን ብቻውን ሥዕል ነውና የመፈለጉ ጉዳይ አይፈታም። ሌላው ደግሞ ስካኑ ላይ የማይታይ ጽሑፍ መደረብ እንደሚቻል አስታወሰ። ቴሴራክት የሚባለው ፊደል ለቃሚ አማርኛ ያውቃል፦

```
ocrmypdf -l amh --output-type pdfa-2 scan.pdf denb-scan.pdf
```

ሰውየው ሞክሮት ያየውን በሐቀኝነት ጻፈ። ጥርት ባለ ወረቀት ላይ ደህና ይሠራል። በፎቶ ኮፒ በደበዘዘ ገጽ ላይ ግን ተመሳሳይ ፊደሎች ይምታቱበታል፤ «ሰ» እና «ስ»፣ «በ» እና «ቡ» ይቀያየራሉ። የዎርዱ ፋይል በእጅ እያለ ወረቀት አትሞ መልሶ መልቀም፣ ያለን ጽሑፍ ጥሎ መገመት ነው። ይህ ወረቀት ብቻ ለቀረው ሰው የሚሆን መንገድ ነው።

መልስ 18

ባለሙያዋ ወደ ጸሐፊው ፋይል ተመለሰች። መንገዱ የዎርዱን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ መቀየር፣ በዩኒኮድ ፎንት ማልበስ፣ ከዚያ ማውጣት ነው። የድሮ ፎንቶችን የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አጥብቃ ተናገረች። መቀየሩ ዎርዱ ውስጥ መሆን አለበት እንጂ ከፒዲኤፉ ኮፒ በተደረገ ጽሑፍ ላይ አይደለም። ዎርዱ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ያውቃል። ኮፒ ሲደረግ ያ ይጠፋል። ያን ጊዜ ደንቡ ውስጥ ያለ እውነተኛ የእንግሊዝኛ ቃል ወደ ግእዝ ፊደል ይለወጥና ትርጉም አልባ ይሆናል፤ ቀያሪው ሁለቱን የሚለይበት ነገር የለውማ።

ከተቀየረ በኋላ ሁለት ሰው ሆኖ አንዱ ከወረቀቱ ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ሌላው ማያውን እየተከታተለ እንዲያመሳክሩ መከረች። በተለይ ቁጥሮችን። የወር መዋጮ፣ የቅጣት ገንዘብ፣ የአንቀጽ ቁጥር።

መልስ 19 እና 20

ስለ ፎንት ክርክር ተነሣ። አንዱ ኒያላ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አለ፣ እሱን ተጠቀሙ አለ። ሌላው አስተካከለው፤ ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ተጨማሪ ሆኖ ካልተጫነ አይገኝም። የሚገርመው ሁለቱም የሳቱት ነገር አለ። ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ከገባ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መኖር አለመኖሩ ግድ አይሰጥም። ግድ የሚሰጠው ፎንቱ እንዲከተት ፈቃድ መስጠቱ ነው። ፎንት ውስጡ መከተትን የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል ምልክት ይይዛል። ከተከለከለ ዎርድ ጽሑፉን ወደ ሥዕል ሊለውጠው ይችላል፤ ያም መልሶ ወደማይፈለግ ጽሑፍ ይወስደናል። ባለሙያዋ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን መረጠች። ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ ይህ ጥያቄ አይነሣበትም።

መልስ 21

አንድ የዘመን አቆጣጠር ክርክር ተፈጠረ፤ በፋይሉ መረጃ ላይ ቀኑ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ የሚል። ብዙ ተባለበት። ጠቃሚው ይህ ነው፦ ፋይሉ የተሠራበትን ቀን ፕሮግራሙ ራሱ በአውሮፓ አቆጣጠር ይጽፈዋል። ደንቡ የጸደቀበት ቀን ግን ከነ ዓ.ም ምልክቱ በርዕሱና በጽሑፉ ላይ መኖር አለበት።

መልስ 22 እና 23

ጸሐፊው ሥራውን ጨርሰው ሲመጡ ሁለት ነገር አመጡ። አንደኛው የእድሩ ማኅተም ነው። ዳራው የሌለው የማኅተም ምስል መጨረሻው ገጽ ላይ አስቀምጠዋል። ወጣቱ በ2005 እ.ኤ.አ በወጣው የመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም በ`PDF/A-1`፣ እንዲህ ያለ ብርሃን የሚያሳልፍ ምስል እንደማይፈቀድ፣ በ2011 በወጣው ሁለተኛው ግን እንደሚፈቀድ አስረዳ። `2b`ን የመረጠው ለዚህ እንደነበር ነገራቸው። በዚህ ሰው ሁሉ አመሰገነው፤ ይገባዋልም።

ሁለተኛው የከበደ ነበር። ደንቡ መጨረሻ ላይ የአባላት ዝርዝርና የመዋጮ ሠንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማኅደር በሚወስድ ሊንክ ነው የተቀመጠው። መፈተሻው ይህንንም አሳልፎታል። ፒዲኤፍ/ኤ ሊንክን አይከለክልም፤ ገጹ ለመታየት የውጭ ነገር ካልፈለገ በቂው ነው። ባለሙያዋ እንዳለችው ግን ደንቡ በአባሪው ላይ እንደተመለከተው የሚል አንቀጽ ካለው፣ አባሪው ፋይሉ ውስጥ ከሌለ ደንቡ ጎደሎ ነው። የማኅደሩ ባለቤት የይለፍ ቃሉን ከረሳ ወይም ከዚህ ዓለም ከተለየ ሊንኩ ባዶ ይሆናል። ሠንጠረዡ እንደ ተጨማሪ ገጽ እዚያው እንዲገባ ተደረገ። ሊንኩን ግን አላጠፉትም፤ አድራሻው በግልጽ ተጽፎ ቀረ።

መልስ 24 እና 25

አዲሱ ፋይል ተፈተሸ። `PASS`። `pdftotext` ሲሠራ አንቀጾቹ ሁሉ በአማርኛ ወጡ። ባለሙያዋ ግን `pdffonts`ን ደግማ አሠርታ ኖሯል። አቢሲኒካ ተከትቷል። ከሥሩ ግን የድሮው ፎንት አሁንም ተዘርዝሯል። ሁሉም ነገር ከተቀየረ እሱ እዚያ ምን ይሠራል?

ፈለጉት። የገጹ አናት ላይ የእድሩ ስም የተጻፈው በጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ነው። ቀያሪው የዋናውን ጽሑፍ አንቀጾች እንጂ ሳጥኑን አልነካም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የእድሩ ስም ለዓይን አማርኛ፣ ለኮምፒውተር y እና x ሆኖ ቀርቷል። ደንቡን በእድሩ ስም የሚፈልግ ሰው አያገኘውም ነበር። ሳጥኑ በእጅ እንደገና ተተየበ። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ላይ አንድ ፎንት ብቻ ቀረ፤ `emb` ሥርም `yes` ይላል።

አንድ ሌላ ሰው በመሀል ፋይሉን `--flavour 2u` ብሎ ቢፈትሸው ወደቀ ብሎ ተጨነቀ። ባለሙያዋ አረጋጋችው። ፋይሉ ስለ ራሱ የሚናገረው b ነኝ ብሎ ነው፤ ሊብረኦፊስ እንዲህ ነው የሚጽፈው። በ u ሲፈተሽ የሚወድቀው በዚያ መግለጫ ነው፤ የጽሑፉ ዋጋ ግን አሁን እውነተኛ ነው። እሷ ውሸት ዋጋ ካለው u ይልቅ እውነተኛ ዋጋ ያለውን b እንደምትመርጥ ጻፈች። ወጣቱ ግን መግለጫውም መስተካከል አለበት ብሎ ቀረ፤ ፋይሉን የሚረከብ ቤተ መዛግብት u ከጠየቀ ምን ይባላል ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ አላገኘም።

መልስ 26 እስከ 29

የመጨረሻዎቹ መልሶች ስለ ዎርዱ ፋይል ናቸው። አንድ ሰው `PDF/A-3` ማንኛውንም ፋይል በውስጡ መሸከም ስለሚችል የ1994ቱን ዎርድ እዚያው አያይዙት አለ፤ እንዲህ ከሆነ ሁለቱ አይለያዩም። ባለሙያዋ አልወደደችውም። ደረጃው ስለ ተያያዘው ፋይል መከፈት ምንም ቃል አይሰጥም፤ ሰውም ተያይዞ መኖሩን ሳያውቅ ያልፋል። እሷ ለብቻው በአንድ ማኅደር ጎን ለጎን ይቀመጥ ባይ ናት። እኔ በግሌ ወደ እሷ አደላለሁ፤ መዝገብ ቤት ውስጥ የማይታይ ነገር እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። የሲልቨር ስፕሪንጓ ሴት ግን ማኅደር ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር አንዱ ፋይል ሲቀር በዓይኗ እንዳየች ጻፈች። ለእሷ ማያያዙ ይሻላታል።

ከዚያ ጸሐፊው አዲስ ነገር አነሡ። ፎንቱ ስለተቀየረ የመስመሩ አሰባበር ተለውጧል፤ 14 ገጽ የነበረው ደንብ 15 ሆኗል። ቀደም ያሉ ቃለ ጉባኤዎች ደግሞ አንዳንድ አንቀጾችን በገጽ ቁጥር ይጠቅሳሉ። ፊርማዎቹ ያሉትም በድሮው ወረቀት ላይ ነው። አዲሱን ማን ይፈርመዋል? አንዱ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው ያጽድቁት አለ። ሌላው የተፈረመው ስካን ዋናው ሰነድ፣ አዲሱ ፋይል ደግሞ መፈለጊያ ቅጂ ተብሎ ይመዝገብ፣ የገጹ ልዩነትም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ አለ። ጸሐፊው ሁለቱንም ለሥራ አመራር ኮሚቴው እንደሚያቀርቡ ነግረው፣ እስከዚያው ሁለቱን ፋይሎች `denb-1994-scan.pdf` እና `denb-1994-text.pdf` ብለው ሰይመዋቸዋል።